ጤነኛዋን ላም መርፌ ያስወጋሁ ዕለት

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ደሴ ተወልጄ አድጌ ከሚሴ የተመደብኩ ጊዜ፣ አማርኛን እኔ በሻንጣዬ ይዤላቸው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። የከሚሴ ሰው ግን ወሬውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ካሻውም መሃል ላይ መልሶ ይገለብጠዋል። እኔ ያለችኝ አንዲት ቋንቋ ናት። «አካም ጂርታ» ብሎ ደኅንነት ከመጠየቅ ያለፈ ኦሮምኛ የለኝም፤ እሱንም ስል የባጃጅ ሾፌሮቹ ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ። አንዲት ቋንቋ ብቻ ይዞ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ባላቸው ሰዎች ፊት ደረት መንፋት ምን ያህል እንደሚያስቅ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በሥራ ቀን ልጆች አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጧት ደግሞ አዋቂዎች ይመጣሉ፤ ሱቅ ያላቸው፣ ጥበቃ የሚሠሩ፣ ለሥራ ፈተና የሚዘጋጁ። ከምናስተምረው ሁሉ የምወደው ክፍት ቦታ መሙላትን ነበር። ምንባብ ይሰጣል፤ ከምንባቡ ውስጥ አሥር ያህል ቃላት ተነቅለው ባዶ መስመር ተተክቶባቸዋል፤ ከሥር ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ አራት ምርጫ አለ። ተፈታኙ የሚስማማውን ይመርጣል። ይህ ነገር ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ነበር የሚመስለኝ። በተማሪነቴ ሌላውን ትምህርት በዳዴ ሳልፍ ክፍት ቦታ ላይ ግን ማንም አይደርስብኝም ነበር።

ለአዋቂዎቹ ክፍል ሦስት ሕጎች አውጥቼ በሰሌዳው ቀኝ ጥግ ጻፍኩ፤ እንዳይጠፉም ዙሪያቸውን ሳጥን ሠራሁባቸው። አንደኛው «የዓረፍተ ነገሩን ጅራት ያዙ» ይላል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ግሡ ደግሞ ማን እንዳደረገው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ማን ላይ እንዳደረገው ሳይቀር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ስታገኙ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ሄዳችሁ ግሡን እዩ፤ የጎደለው ግሡ ራሱ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ፈልጉ ማለቴ ነው። ይህን ያስረዳሁ ቀን የጨፋ ገበሬ የሆነ አንድ ተማሪዬ፣ እኛ አገር ከብት በጅራት የሚይዝ ሰው ይረገጣል ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። የተነገረኝ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አላወቅኩም።

ሁለተኛው ሕግ «የማይስማማውን ሰርዙ» ነው። ሦስተኛው በቀይ ጠመኔ ተጽፎ፣ «አንዱን ሳትሞሉ ወደ ሌላው አትለፉ» ይላል። ይህ ሦስተኛው ከየት እንደመጣ ብጠየቅ የማሳየው መጽሐፍ የለኝም። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ስድስት ባዶ ቦታ እንዳለ ትቶ ወረቀቱን ሲያስረክበኝ ተናደድኩ፤ ንዴቴን ሕግ አደረግኩት። ቀዩ ጠመኔም የተመረጠው በእጄ ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከእኔ በስድስት በሰባት ዓመት የምትበልጥ ሴት ነበረች። «እትዬ» እላታለሁ፤ እሷ «መምህር» ትለኛለች፤ አነጋገሯ ግን ታናሽ ወንድሟን የምትልክ ያህል ነው። ቅቤ ነጋዴ ናት። ከጨፋ ገበሬዎች ቅቤ ትሰበስብና ሰኞ ሰኞ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ቀይራ ባቲ ገበያ ትወርዳለች። ኦሮምኛው የእናቷ ነው፤ አማርኛው የጎረቤት፤ አፋርኛውን ደግሞ ባቲ ላይ ከደንበኞቿ ለምዳዋለች። ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው፤ እግሯን ዘርግታ።

እግሯን የምትዘረጋው ጉልበቷ ስለማይታጠፍላት ነው። ወደኔ የመጣችውም በእሱ ምክንያት ነው። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ታካሚ የሚቀበልና የሚያስተረጉም ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሦስቱን ቋንቋ የሚናገር፣ የአማርኛ የጽሑፍ ፈተና የሚያልፍ።

«ጉልበቴ ባቲን እምቢ ብሏል፣ መምህር» አለችኝ ያን ቀን። «ይኼ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። አፌ ለሦስቱም ይበቃል፤ ብዕሬ ነው የሚያሳፍረኝ። አላህ ካለ አንተ ታሳልፈኛለህ።»

«ችግር የለም፣ እትዬ» አልኳት። «ሕጎቹን ብቻ ያዢ።»

ያዘቻቸው። እንደሷ ሕግ የሚይዝ ተማሪ አልነበረኝም። ደብተሯ ሽፋን ላይ ሦስቱንም ገልብጣ፣ ሦስተኛውን ከእኔ ቀይ የሚብስ ቀይ እስክሪብቶ ፈልጋ ጻፈችው።

ፈተናው ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ክፍል ስገባ ፊቷን አይቼ ገባኝ። ከአሥሩ ባዶ ቦታ የሞላችው አንዱን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይ ተቀምጣ ጊዜው አለቀ።

«ሁለተኛው ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ሁለት ቃል እኩል እኩል ሆኑብኝ። የቱን ልበል? አንዱን ሳልሞላ ደግሞ…»

አላስጨረስኳትም። ያን ጊዜ ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ባላስታውሰው እመርጥ ነበር። «እትዬ፣ የጎደለሽ ፈጥኖ ማሰብ ነው» አልኳት። በክፍሉ ሁሉ ፊት። እሷም አንገቷን ነቅንቃ፣ «እውነትህን ነው፣ ድሮም አእምሮዬ ቀርፋፋ ነው» አለችና ሰኞ ባቲ ወረደች።

ፈተናውን ግን ያለፈ ሰው አልነበረም። ቋንቋው ያለው ጽሑፉ ጎደለው፤ ጽሑፉ ያለው አፋርኛ አያውቅም። ማስታወቂያው እንደገና ሊለጠፍ ሆነ፤ ከሁለት ወር በኋላ። ክሊኒኩ የድሮውን የፈተና ወረቀት ለመለማመጃ ይከለክለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳያቅማሙ ሰጡኝ። አሁን ሳስበው ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ጧት ወረቀቱን እንደታጠፈ ይዤ ክፍል ገባሁ። ቀድሜ አላየሁትም። ቀድሞ ማየት ለፈሪ አስተማሪ ነው የሚል እምነት ነበረኝ። «ዛሬ» አልኩ፣ «ፈጥኖ ማሰብ ማለት ምን እንደሆነ አሳያችኋለሁ።» ምንባቡን እየገለበጥኩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በጻፍኩ ቁጥር እዚያው እየሞላሁ እሄዳለሁ። ሰዓቴንም ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ፍጥነቴን እንዲያዩልኝ።

ምንባቡ እንዲህ ይጀምራል። «አንድ ገበሬ ሁለት ላሞች ነበሩት። ሰኞ ጧት አንደኛዋ ላም መኖ አልበላ ——።» ምርጫው «አለ፣ አለች፣ አሉ፣ ብላ»። ባለቤቱ አንዲት ሴት ላም፤ «አለች»። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ያበቃልና «ብላ» አይዘጋውም። ጠመኔው ተንጣጣ።

«ገበሬው ለገበያ ሲነሳ —— ከቤት ትቶ ሌላዋን እየነዳ ሄደ።» ምርጫው «ጤነኛዋን፣ የታመመችውን፣ ላሟ፣ ሁለቱንም»። «ላሟ» ይሰረዛል አልኩ፤ «ትቶ» የሚለው ግሥ የሚተወውን ነገር በ«ን» ይፈልጋል። «ሁለቱንም» በሰዋስው ምንም አይለውም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ከተወ የሚነዳት «ሌላዋ» ከየት መጣች? ይሰረዛል። ሁለት ቀሩ። ሁለቱም «ን» አላቸው፣ ሁለቱም ሴት ናቸው፣ ሁለቱም ቦታው ውስጥ ልክክ ይላሉ። የታመመችን ላም ገበያ የሚነዳ ሰው የለም፤ ቤት ይተዋታል። «የታመመችውን» ብዬ ጻፍኩ። ምናልባት አራት ሰከንድ ፈጅቶብኛል። ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ «አየሽ፣ እትዬ?» አልኳት።

እሷ ወደ ሰሌዳው እያየች ነበር።

«ከገበያው ዳር ብዙ ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ——።» ባለቤቱ ብዙ፣ ታሪኩ ያለፈ፤ «ቆመው ነበር»። «የእንስሳት ሐኪሙ የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ —— ሰዉ የደረሰው ማልዶ ነበር።» እዚህ «ስለሆነ»ም «ቢሆንም»ም በሰዋስው ይገባሉ፤ ነገሩ ግን ምክንያት ነውና «ስለሆነ»። ይህን በትክክል መለስኩ፤ በትክክል የመለስኩትን ግን ያነበብኩት አይመስለኝም። ሐኪም የሚል ቃል በእጄ ጽፌ፣ ሐኪም ጋ ማን እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። ጅራት ላይ ነበር ዓይኔ።

«ሐኪሙ ላሟን አገላብጦ ካያት በኋላ መርፌ ——።» ወጊው አንድ ወንድ፣ ተወጊዋ አንዲት ሴት፤ «ወጋት»። ግሩም ነው አልኩ ለራሴ። አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ሁሉም ተስማማ። ገበሬው የታመመች ላሙን ቤት ትቶ፣ ጤነኛዋን ገበያ ድረስ ነድቶ፣ መርፌ አስወጋ። እኔ ነኝ ያስወጋሁት። ሰዋስው ሙሉ በሙሉ ደግፎኛል።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ያ የጨፋ ገበሬ እጁን አፉ ላይ አድርጓል። እኔ ጸጥታውን አድናቆት አድርጌ ወሰድኩትና ወደ ስድስተኛው አለፍኩ።

«ከሰዓት በኋላ ያቺ ጧት አልበላ ያለችው ላም ከገበያ —— ገና ሳትታሰር ድርቆሽ መጎተት ጀመረች።» ምርጫው «ተመልሳ፣ ተመልሶ፣ ተመልሰው፣ ሳትመለስ»።

እዚህ ላይ ጠመኔው ቆመ። አልበላ ያለችው የታመመችው ናት። የታመመችው ቤት ናት፤ እኔው ነኝ የተውኳት። ከገበያ እንዴት ትመለሳለች? ትክክለኛ ሰው ቢሆን ወደ ሁለተኛው ተመልሶ ያጠፋው ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። «ሳትመለስ»ም ሴት ናት፣ እሷም ትስማማለች ብዬ «ሳትመለስ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። የጨፋው ገበሬ መቻል አቃተው። ሌሎቹም ተከተሉት። ሳቁ ጋብ ሲል ከመስኮቱ በኩል፣ ያለ ምንም ፌዝ፣ ለማወቅ ብላ ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ ታዲያ የታመመችዋን ማን አዳናት?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ «ተሳስቻለሁ» የሚል አንድ ቃል ነው። ባዶ ቦታው ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። «ሆን ብዬ ነው» አልኩ። «እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳትሠሩ ላሳያችሁ ብዬ ነው።» አንድም ሰው አላመነኝም፤ ሁሉም ግን በጨዋነት ራሱን ነቀነቀ። ሰዓቴን መልሼ አሰርኩ።

ሲወጡ እሷ በዝግታ ነው የምትነሳው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወረቀቱን እየዘረጋሁ፣ «ሁለቱ እኩል የሆኑብሽ እነዚህ ናቸው?» አልኳት።

«ኤዬ፣ አዎ። እነሱ ናቸው። የታመመች ከብት ሰው ይተዋል፤ ሐኪም ካለ ደግሞ ይነዳል። የትኛው እንደሆነ እዚያ ድረስ አልተነገረኝም። ሳይነገረኝ እንዴት ልሙላ?»

እሷ የቆመችው በቂ ነገር ስላልተነገራት ነው። እኔ ያለፍኩት እንዳልተነገረኝ እንኳ ስላላወቅኩ ነው። መልሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በታች ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር፤ እዚያ እንዳትደርስ በቀይ ጠመኔ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወቅኩት። አልተናገርኩትም። «እስቲ አሁን እንዳሻሽ አንብቢው» ብቻ አልኳት።

እንዳሻት አነበበችው። ከላይ ጀምራ በሹክሹክታ፣ ባዶ ቦታ ላይ ስትደርስ «እምም» እያለች አለፈች፤ ምንም ሳትመርጥ፣ ምርጫዎቹን ሳታይ። እስከ መጨረሻ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የታመመችዋን ነው የነዳ» አለች። «ሐኪም ጋ። ድና ተመለሰች። አልሐምዱሊላህ።»

«እንዲህ ማንበብ ማን አስተማረሽ?»

«ባቲ ነዋ። አፋሮቹ ሲገናኙ ዳጉ አላቸው፤ ወሬ ይሰጣጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። የሚናገረው እስኪጨርስ አታቋርጠውም። ያልገባህን ይዘህ ትቆያለህ። ሲጨርስ የጎደለውን ትጠይቃለህ። አብዛኛውን እኮ እሱ ራሱ ወደ ኋላ ሲናገር ይመልስልሃል። እኔም ቅቤዬን ከፍቼ ስቀመጥ እንዲሁ ነው የምሰማቸው። መሃል ላይ ይዤ ይኼኛው ምንድነው ብል ሰዉ ትቶኝ ይሄዳል።»

ለሃያ ዓመት ያህል ሰኞ ሰኞ የሠራችበትን ብልሃት፣ እኔ ጋ ስትመጣ በር ላይ እንድትተወው አድርጌያለሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ሳስብ ትንሽ ደስ ይለኛል፤ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቅሜያታለሁና። ነገሩን ትይዘዋለች፤ ቅርጹ ላይ ትወድቃለች። ሐኪሙ ላሟን እንደወጋት ታውቃለች፤ ምርጫው ውስጥ ግን «ወጋው»ን ትከባለች። ኦሮምኛ ተወጊውን ግሡ ላይ አይለጥፍም፤ ለብቻው ነው የሚጠራው። ስለዚህ ያቺ መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠል ድምፅ ለእሷ ጌጥ ብቻ ነበረች። እኔ ደግሞ ጅራት መያዝ እችላለሁ፤ የምችለው እሱን ብቻ መሆኑ ነው ችግሩ። እሷ መጀመሪያ ሙሉውን ትሰማለች፤ የምታውቀውን ትሞላለች፤ የማታውቀውን ትዘልላለች፤ ስትመለስ በነገሩ ሁለት ቃል ትመርጣለች፤ ከሁለቱ አንዱን በጅራቱ እንጥላለን። መጨረሻ ላይ እንደገና ከላይ እስከ ታች እናነበዋለን፤ በየቦታው ያማረ ቃል ተሰብስቦ ውሸት ሊሆን እንደሚችል እኔ በሰሌዳ ላይ አሳይቻለሁና።

አንድ ቀን «ሴትየዋ ልጆቿን ጠርታ ምሳ ——» የሚል መጣ። «ሰጠቻት» እና «ሰጠቻቸው» ላይ ቆመች። «ልጆቿ ስንት ናቸው?» አልኳት። ስቃ «ሰጠቻቸው»ን ከበበች። በሌላ ቀን እኔ «ዝናቡ ስለዘገየ ገበሬው —— ዘራ» የሚለው ላይ «በቆሎ»ን ስመርጥ እሷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ሁለቱም ስም፣ ሁለቱም ይዘራሉ፤ ሰዋስው ዝም ብሏል። «ዝናብ ከዘገየ በቆሎ ጊዜው ያልፍበታል። ጤፍ ነው» አለችኝ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ስለ ጤፍ አጨዳ ነበር።

ሦስተኛውን ሕግ አጠፋሁት። እንዴት እንዳጠፋሁት ግን ልናገር። ቅዳሜ ጧት ማንም ሳይመጣ ገብቼ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጌ፣ በቦታው «መጀመሪያ ሙሉውን አንብቡ፤ ያላወቃችሁትን ዝለሉ፤ ተመለሱ» ብዬ ጻፍኩ። ሲገቡ ሰሌዳው ድሮም እንዲያ ይል የነበረ መስዬ ቆምኩ። ለእሷም ለብቻዋ፣ «ዝለይና ተመለሺ፣ እትዬ» አልኳት፤ ራሴ ያገኘሁት ነገር ይመስል። እሷ «እሺ መምህር» አለች። የደብተሯን ሽፋን ቀይ ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘችው።

ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን የአስተማሪዎች የልምድ ልውውጥ ነበርና ተነስቼ «በሥራ ልምዴ ያዳበርኩት ዘዴ» ብዬ አቀረብኩት። ዳጉን አላነሳሁም። ቅቤ ነጋዴ አላነሳሁም። ተጨበጨበልኝ፤ አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ሁለተኛውን ፈተና ተፈትና ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። «እምም» ስትል ፈታኙ ሁለት ጊዜ ዝም በይ ብሏታል። ሦስት ባዶ ቦታ ዘልላ፣ ሁለቱን ስትመለስ ሞልታቸው፣ ሦስተኛውን ስትመለስም አላወቀችውም፤ በመጨረሻ ቅርጹ ብቻ የሚስማማውን ከባ ወጣች። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟ አናት ላይ ነበር። ያቺን የከበበቻትን አንዷን ብቻ ነበር የሳተችው። ስልክ ደውላ የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስኩ። ወይም አውቄ።

ከወራት በኋላ ሆዴን አመመኝና ያ ክሊኒክ ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጠረጴዛው ሥር እግሯ ተዘርግቷል። ከፊቴ አንዲት የአፋር እናት ነበሩ፤ በረጅሙ ተናገሩ፤ እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማቻቸው፤ ሲጨርሱ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቃ ጻፈች። የእኔ ተራ ደረሰ።

«አካም ጂርታ» አልኳት።

«ማሻአላህ፣ እየተሻሻለ ነው» አለች። «በል ንገረኝ። አላቋርጥህም።»

ነገርኳት። የት እንደሚያመኝ፣ መቼ እንደጀመረኝ፣ እንቅልፍ እንደነሳኝ። ስጨርስ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«የበላኸውን አልነገርከኝም።»

«ትንሽ ጥሬ ሥጋ። በሚጥሚጣ።»

«ትንሽ» እያለች ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። «አንድ የቀረ ቦታም አለ፣ መምህር። ከመጀመሪያው ፈተና ጀምሮ። እሱንም አልነገርከኝም።»

የሆድ ሕመሜ ለአፍታ ጠፋ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል። ያኔ ቀርፋፋ ነኝ ብላ ባቲ የወረደችባቸው ሰኞዎች በየተራ መጡብኝ፤ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስትቀይር፣ ያን ጉልበት በእጇ እያነሳች ስትወጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነበር፣ እትዬ» አልኩ። «ሳትሞዪ አትለፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሕጉ ስሕተት ነበር። ሰሌዳው ላይም ሆን ብዬ አልነበረም። አንቺ ቀርፋፋ አልነበርሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽኝም?»

«ዝለይና ተመለሺ ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለች። «ዘልዬው ነበር።»

ካርዴን ሰጠችኝ። ሐኪሙ እስኪጠራኝ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና፣ ቀጥሎ የገባው ሽማግሌ ታሪኩን እስኪጨርስ ድረስ እሷ ስታዳምጠው አየሁ።